24 ምን? ፓውንድ ወይስ ኪሎ

ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ በሜሪላንድ ግዛት በምትገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በአካባቢው ክሊኒኮች የአማርኛ አስተርጓሚ ሲገባና ሲወጣ ማየት አዲስ ነገር አይደለም። የምተርከው አጭር ታሪክ ከእነዚያ ክሊኒኮች በአንዱ የሚሆን ነው። ለሰዎቹ ስም አልሰጠኋቸውም፤ በሕፃናት ሕክምና ደጋግሞ የሚደርስን አንድ ስሕተት በአንዲት እናትና በልጇ ላይ አድርጌ ነው የጻፍሁት።

እናቲቱ ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነው። የዓመት ከመንፈቅ ልጇን ሁለት ሌሊት ትኩሳት አላስተኛውም። ክሊኒክ ስትደርስ አስተርጓሚዋ ቀድማ ጠበቀቻት። ተዋወቁና አስተርጓሚዋ አሠራሯን በአጭሩ ነገረቻት፦ የሚባለውን ሁሉ ሳልጨምር ሳልቀንስ አስተላልፋለሁ፣ የሰማሁት ከዚህ ክፍል አይወጣም፣ ያልገባኝ ነገር ካለ አቁሜ እጠይቃለሁ። ከዚያም ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች። ልምድ ያለው አስተርጓሚ ቁጥርን በጭንቅላቱ አይዝም፤ ይጽፋል። ስምና ሐሳብ ከንግግሩ አካሄድ ሊታወስ ይችላል፣ ቁጥር ግን አንዴ ካመለጠ አመለጠ ነው።

ረዳቷ ነርስ ልጁን ሚዛን ላይ አስቀምጣ «ሃያ አራት ነጥብ ሁለት» አለችና ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈች። አስተርጓሚዋ እንደሰማችው አስተላለፈች፣ ደብተሯም ላይ 24.2 ብላ አሰፈረች። ከቁጥሩ አጠገብ ባዶ ቦታ ተወች፤ ምኑ እንደሆነ አልተነገረማ። እናትየው ደግሞ ስለ ልጁ አመጋገብ ስትጠየቅ «ከአገር ስንወጣ በክትባት ካርዱ ላይ አሥር ተኩል ኪሎ ነበር፤ እዚህ ከመጣን ምግብ ዘግቶታል፣ እንጃ ጨምሮም እንደሆነ» አለች። ይህም ተጻፈ።

ሐኪሟ ገብታ ልጁን መረመረች። ጆሮውም ሳንባውም ደህና ነው፤ ጉንፋን ነው፣ በራሱ ጊዜ ይለቃል። ለትኩሳቱ የሕፃናት ታይሌኖል ግዥለት አለች። ታይሌኖል ማለት እኛ ፓራሲታሞል የምንለው ነው፤ አሜሪካኖች መድኃኒቱን አሲታሚኖፌን ይሉታል። ሐኪሟ ኮምፒውተሩን አየት አድርጋ ቀጠለች፦ «ሃያ አራት ኪሎ ስለሆነ፣ አሥር ሚሊ ሊትር በየስድስት ሰዓቱ ስጪው።»

አስተርጓሚዋ ደብተሯ ላይ ሦስት ቁጥሮች አሉ፦ 24.2፣ 10.5 ኪሎ፣ አሁን ደግሞ 24 ኪሎ። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ 10.5 ኪሎ የነበረ፣ ምግብም የዘጋ ልጅ 24 ኪሎ ሊሆን አይችልም። 24 ኪሎ የሰባትና የስምንት ዓመት ልጅ ክብደት ነው።

አሁን ስሕተቱን እንፍታው። አብዛኛው አሜሪካዊ ክብደትን የሚናገረው በፓውንድ ነው፤ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ ገደማ ይሆናል። ሚዛኑ 24.2 ሲል ፓውንድ ነበር፣ ይህም 11 ኪሎ ነው። ረዳቷ ግን ቁጥሩን ኪሎ በሚጻፍበት ቦታ አስገባችው። ለሕፃን የሚሰጥ ፓራሲታሞል ደግሞ የሚሰላው በኪሎ ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ በአንድ ጊዜ እስከ 15 ሚሊ ግራም ይሰጣል። ለ11 ኪሎ 165 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው የሕፃናት ሽሮፕ በየ5 ሚሊ ሊትሩ 160 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ፣ ለዚህ ልጅ 5 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ለ24 ኪሎ ልጅ ግን 10 ሚሊ ሊትር ትክክል ነው። የሐኪሟ ስሌት ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው የተነሣችበት ቁጥር ነው።

አንድ ጊዜ ቢወስደው ምናልባት ምንም አይሆንም ነበር። አደጋው በመደጋገሙ ላይ ነው። በየስድስት ሰዓቱ 10 ሚሊ ሊትር በቀን 1,280 ሚሊ ግራም ይሆናል። የ11 ኪሎ ልጅ የቀን ጣሪያ፣ በኪሎ 75 ሚሊ ግራም ሲታሰብ፣ 825 ሚሊ ግራም ነው። ትኩሳቱ ሦስት አራት ቀን ቢቆይ፣ በዚያ ላይ ልጁ ሳይበላ፣ ጉበቱ ሊጎዳ ይችላል። የጉበት ጉዳት ደግሞ መጀመሪያ ላይ ራሱን ይደብቃል፤ ማስመለስ፣ ምግብ እንቢ ማለትና መፍዘዝ ሲታይ እናት «ጉንፋኑ ነው» ብላ ታልፈዋለች።

ለመሆኑ ይህን ስሕተት ሌላ ማን ሊይዘው ይችል ነበር? በማዘዣ የሚወጣ መድኃኒት ቢሆን ፋርማሲስቱ የልጁን ዕድሜና መጠኑን አይቶ ስልክ ሊደውል ይችል ይሆናል። ታይሌኖል ግን ያለ ማዘዣ ከመደርደሪያ የሚነሣ ነው፤ በቃል ተነግሮ በቃል ይሄዳል። የማሸጊያው ጽሑፍም አይረዳም፤ ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ መጠኑን ሳይጽፍ «ሐኪም ይጠይቁ» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ከሐኪሟ አፍ ወጥቶ ልጁ አፍ እስኪገባ ድረስ ቁጥሩ የሚያልፈው በአስተርጓሚዋ በኩል ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የሙያው ጥብቅ ሥርዓት የሚመጣው። አስተርጓሚ ሐኪም አይደለችም። «መጠኑ በዝቷል» ማለት አትችልም፣ ቁጥሩን በራሷ አስተካክላ ለእናትየው «አምስት ስጪው» ማለትማ ከሁሉ የከፋ ጥፋት ነው። ያኔ ሐኪሟ ስሕተቱን አታውቅም፤ ሃያ አራቱ ኪሎ መዝገቡ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን መድኃኒት ይጠብቃል። ዝም ብሎ ማስተላለፍም አለ። «የተባለውን ብቻ ተናገር» የሚለውን ደንብ በግማሽ የተረዳ ሰው ይህን ያደርጋል፤ እኔ ግን ይህ ታማኝነት ነው ብዬ አልቀበልም።

በአሜሪካ ያለው የጤና አስተርጓሚዎች ብሔራዊ ምክር ቤት በ2004 የሥነ ምግባር ደንብ፣ በ2005 ደግሞ የአሠራር መመዘኛ አውጥቷል። መመዘኛው አስተርጓሚው ከባድ ጉዳትን ለመከላከል ድምፁን ማሰማት እንደሚችል ይናገራል፤ የሚሰጠው ምሳሌም የታማሚው ለሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ሲዘነጋ የሚያይ አስተርጓሚ ነው። መንገዱም ግልጽ ነው። አስተርጓሚ ሲያስተላልፍ በተናጋሪው አፍ «እኔ» እያለ ይናገራል። ለራሱ መናገር ሲፈልግ ግን «አስተርጓሚው» ብሎ ራሱን ይለያል፣ ለአንዱ ወገን ያለውንም ለሌላው ሳይደብቅ ይነግራል።

አስተርጓሚያችን በመጀመሪያ የሐኪሟን ቃል ሳትቆርጥ አስተላለፈች። ቀጥላ እጇን ከፍ አድርጋ በእንግሊዝኛ እንዲህ አለች፦ «አስተርጓሚዋ አንድ ነገር ማጣራት ትፈልጋለች። ሚዛኑ ላይ ሃያ አራት ነጥብ ሁለት ሲባል ፓውንድ ይሁን ኪሎ አልተገለጸም። እናትየው ደግሞ ከሁለት ወር በፊት አሥር ተኩል ኪሎ ነበር ብለዋል። ክብደቱን ሊያረጋግጡልን ይችላሉ?» ወዲያው ወደ እናትየው ዞራ፦ «እመቤቴ፣ የልጅዎ ክብደት በኪሎ ይሁን በፓውንድ እንዲያጣሩልን ጠይቄያቸው ነው» አለቻት። እናትየው ደንገጥ ብላ «እንዴ፣ ሃያ አራት ኪሎማ እኔስ እችለዋለሁ?» አለች። ይህም ለሐኪሟ ተተረጎመ።

ልጁ እንደገና ተመዘነ፤ 11 ኪሎ። ሐኪሟ መዝገቡን አረመች፣ አሥሩን ወደ አምስት ቀየረች፣ አመሰገነችም። ሁሉ ሐኪም እንዲህ አይቀበልም፤ «አንቺ ተርጉሚ» ብሎ የሚቆጣም አለ። ቢሆንም ጥያቄው መጠየቅ አለበት፤ የተጠየቀው ስለ ቁጥር እንጂ ስለ ሐኪሟ ችሎታ አይደለምና።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ግማሽ ሥራ ነበር። ሐኪሟ «ቤት ስትደርሺ እንዴት እንደምትሰጪው አሳዪኝ» አለቻት። እናትየው የመለሰችው አንድ ሌላ ችግር አወጣ፦ «በሻይ ማንኪያ ነው የምሰጠው። ከአገር ያመጣሁት ፓራሲታሞልም አለኝ፣ መጀመሪያ እሱን ልጨርስ።» የቤት ማንኪያ እንደ ቤቱ ይለያያል፤ የሾርባ ማንኪያ ከተነሣ ደግሞ ሦስት እጥፍ ይሆናል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ ሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2015 የሕፃናት ፈሳሽ መድኃኒት በሚሊ ሊትር ብቻ እንዲታዘዝ አሳስቧል። ከአገር የመጣውም ሽሮፕ እንደዚሁ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊ ግራም የሚይዝ ነው፣ ከዚያ የበረታም አለ። ሁለቱን ጠርሙስ እያፈራረቁ መስጠት ስሌቱን ያፈርሰዋል። ሐኪሟ መርፌ የሌለው የአፍ ሲሪንጅ አምጥታ 5 ላይ በብዕር መስመር አሰመረችበት፤ እናትየው ውኃ ስባ አሳየች፣ በየስንት ሰዓቱ እንደምትሰጥም በራሷ አፍ ተናገረች።

ይህች እናት አስተርጓሚ ባይኖራት ምናልባት እንግሊዝኛ የሚሞክር ዘመድ ወይም ጎረምሳ ልጅ ይዛ ትመጣ ነበር። በ2003 ፔዲያትሪክስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በ13 የሕፃናት ሕክምና ቀጠሮዎች ላይ በስፓኒሽ የተደረገውን ትርጉም ቀርጾ መረመረ። በአማካይ በእያንዳንዱ ቀጠሮ 31 ስሕተት ተገኘ፤ ሕክምናውን ሊጎዱ የሚችሉት ስሕተቶች ባልሠለጠኑት ተርጓሚዎች ዘንድ በዝተው ታዩ። የአንቲባዮቲክ መጠንና የቀኑ ብዛት ሳይተረጎም የቀረበት ነበር፤ አንዲት እናትም የሚጠጣውን አሞክሲሲሊን በልጇ ጆሮዎች ውስጥ እንድታደርግ ተነግሯታል።

አሜሪካ ያላችሁ አንባብያን፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክና ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው፤ ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግና ከ2010ሩ የጤና ሕግ የመጣ መብት ነው። ቀጠሮ ስትይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ፤ ልጃችሁን ለአስተርጓሚነት አታቁሙት። የልጃችሁን ክብደት በኪሎ እወቁት፣ መጠን ሲነገራችሁም «ለስንት ኪሎ አስበው ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መድኃኒት አብዝታችሁ ሰጥታችሁ ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ በ1-800-222-1222 የመርዝ መረጃ ማዕከል ቀንም ሌሊትም በነፃ ይመልሳል፣ አስተርጓሚም ያገናኛል።