ለምስለ ችሎት የቃል ክርክር ዝግጅት፦ የዳኞችን አስቸጋሪ ጥያቄ እንዴት መመለስ ይቻላል?

ምስለ ችሎት ተማሪዎች በተዘጋጀ ግምታዊ ጉዳይ ላይ እንደ አመልካችና እንደ ተጠሪ ሆነው በዳኞች ፊት የሚከራከሩበት መድረክ ነው። በአገራችን የሕግ ትምህርት ቤቶች ለረዥም ጊዜ ሲሠሩበት የቆዩ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በሚያዘጋጀው ብሔራዊ የሰብአዊ መብቶች ምስለ ችሎት ውድድር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችም ይሳተፋሉ። ይህ ጽሑፍ በሸዋ ሮቢትና በአካባቢው ለሚገኙ ተወዳዳሪዎች፣ መምህራንና ወላጆች የቃል ክርክር ዝግጅትን በአንድ የልምምድ ጉዳይ ያስረዳል።

የልምምዱ ጉዳይ

አንድ አርሶ አደር ከሸዋ ሮቢት ወጣ ባለ የቆላ ቀበሌ ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት በፖሊስ ተያዘ እንበል። ከቀበሌው እስከ ከተማው ፍርድ ቤት የሚወስደው ጉዞ 3 ሰዓት ነው። ፖሊስ ሰውየውን ፍርድ ቤት ያቀረበው ሰኞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ሲሆን፣ ለመዘግየቱ የሰጠው ምክንያት ቅዳሜና እሑድ ፍርድ ቤቱ ዝግ ነበር የሚል ነው። አመልካቹ መብቴ ተጥሷል፣ ልለቀቅም ይገባል ይላል።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከዚህ ጊዜ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት የሚጠይቀው ተገቢ የጉዞ ጊዜ ብቻ ነው። ዝግጅቱ የሚጀምረው ከስሌቱ ነው። 48 ሰዓቱ እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሞላል፤ የጉዞው 3 ሰዓት ሲታከልበት እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ መዘግየቱ 15 ሰዓት ነው። ይህን ቁጥር ወረቀት ሳያይ መናገር የማይችል ተከራካሪ በመጀመሪያው ጥያቄ ይደናገጣል።

ክርክሩን ከጥያቄው ተነሥቶ ማዘጋጀት

ብዙ ጀማሪዎች የቃል ክርክርን እንደ ንግግር ጽፈው በቃል ይሸመድዱታል። ዳኛው በሁለተኛው ደቂቃ ሲያቋርጣቸው ግን የተሸመደደው ክር ይበጠስና መመለሻው ይጠፋል። የተሻለው መንገድ የራስን ክርክር ደካማ ጎን አስቀድሞ መፈለግ ነው። የቡድኑ አባላት ለአንድ ቀን ጎን ቀይረው ተጠሪውን ወክለው ቢከራከሩ፣ ዳኞች ሊያነሧቸው የሚችሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ይገለጡላቸዋል። የተፈቀደው ጊዜ ለምሳሌ 15 ደቂቃ ከሆነ፣ የሚዘጋጀው ንግግር ከ8 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፤ ቀሪው የዳኞች ነው። ወደ ችሎት የሚገባውም አንድ ገጽ ብቻ ይሁን፤ የጊዜው ስሌት፣ የአንቀጾቹ ቁጥርና የሚጠየቀው ዳኝነት ይሰፍሩበታል።

ሦስት አስቸጋሪ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ፍሬ ነገሩ ነው። ዳኛው፣ «ፍርድ ቤቱ ዝግ ከነበረ ፖሊስ ምን ያድርግ?» ሊሉ ይችላሉ። «ተረኛ ዳኛ ነበረ» ብሎ መመለስ ስሕተት ነው፤ በጉዳዩ ላይ ያልተጻፈ ፍሬ ነገር መጨመር ነውና። ተገቢው መልስ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የተከበረው ፍርድ ቤት፣ ተረኛ ዳኛ ስለመኖር አለመኖሩ በመዝገቡ ላይ የተገለጸ ነገር የለም። ሆኖም አንቀጽ 19(3) የሚቀንሰው የጉዞ ጊዜን ብቻ ነው፤ የሥራ ቀን ያልሆኑ ቀናትን አይቀንስም።» መልሱ ጥያቄውን በቀጥታ ይነካል፤ ከዚያም ወደ ክርክሩ ይመለሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ ተቃራኒ የሚመስል ሕግን ያነሣል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 29 በ48 ሰዓት ውስጥ ማቅረብ ካልተቻለ የቦታውና የመገናኛው ሁኔታ እንደፈቀደ ማቅረብ እንደሚቻል ይገልጻል። ዳኛው፣ «ይህ ፖሊስን አይረዳም?» ሲሉ ድንጋጌው እንደሌለ ማስመሰል ተዓማኒነትን ያሳጣል። ተከራካሪው ድንጋጌው መኖሩን አምኖ፣ ሕገ መንግሥቱ በ1987 ዓ.ም. ሲወጣ ይህን ሰፊ ፈቃድ እንዳልያዘና በአንቀጽ 9(1) መሠረት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ሕግ ተፈጻሚነት እንደሌለው ያስረዳል። ዳኛው ቀጥለው፣ «ወንዝ ሞልቶ መንገድ ተዘግቶ ቢሆንስ?» ይሉ ይሆናል። ይህ ፍሬ ነገሩን የሚቀይር መላ ምት ነው። «ጉዳዩ እንደዚያ አይደለም» ብሎ መሸሽ አይገባም፤ «እንዲያ ቢሆን ተገቢው የጉዞ ጊዜ ሊረዝም ይችል ነበር፤ በያዝነው ጉዳይ ግን ጉዞው 3 ሰዓት መሆኑ ተገልጿል» ማለት በቂ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ውጤቱን ይመለከታል። «አንድ ሰዓት በዘገየ ቁጥር በከባድ ወንጀል የተጠረጠረ ሁሉ ይለቀቅ እያላችሁ ነው?» በዚህ ጊዜ በድፍረት «አዎ» ማለትም፣ ፈርቶ አቤቱታውን መተውም ይጎዳል። አንቀጽ 19(4) በጊዜው ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው አካሉ ነፃ እንዲወጣ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ነገር ግን ፍትሕ እንዳይጓደል ሁኔታው የሚጠይቅ ሲሆን ፍርድ ቤቱ ሰውየው በጥበቃ ሥር እንዲቆይ ማዘዝ እንደሚችልም ይደነግጋል። ስለዚህ መልሱ፣ «አይደለም፣ የተከበረው ፍርድ ቤት። መለቀቁ በራሱ የሚመጣ ውጤት አይደለም። ሆኖም ሰውን ማቆየት የሚችለው ፍርድ ቤት እንጂ ፖሊስ አይደለም፤ በእነዚያ 15 ሰዓታት ደግሞ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አልነበረም። ተጠሪም እንዲቆይ የሚያስገድድ ምክንያት አላቀረበም» የሚል ይሆናል። ትንሹን ነገር ማመን ዋናውን ለማጽናት ይረዳል።

ክርክሩን በዓለም አቀፍ ሕግ ማጠናከር የሚፈልግ ቡድን በአንቀጽ 13(2) በኩል ይገባል። ይህ አንቀጽ የመሠረታዊ መብቶች ድንጋጌዎች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ሰነዶች መርሖች ጋር ተጣጥመው እንዲተረጎሙ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጠቃላይ ትንታኔ ቁጥር 35፣ 48 ሰዓት በመደበኛ ሁኔታ በቂ መሆኑንና ከዚያ የሚያልፍ መዘግየት እጅግ ልዩ ምክንያት እንደሚያስፈልገው ገልጿል።

በችሎት ፊት

ዳኛው መናገር ሲጀምሩ ዐረፍተ ነገርን ለመጨረስ ሳይሞክሩ ወዲያውኑ ማቆም ይገባል። ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምቶ ለአፍታ ማሰብ ነውር አይደለም። መልሱ «አዎ» ወይም «አይደለም» ከሚለው ይጀምራል፤ ምክንያቱና አንቀጹ ይከተላሉ። ረዥም መግቢያ ዳኛው ጥያቄውን እንዲደግሙት ያደርጋል፤ ጥያቄው ከተደገመ መልሱ እንዳልደረሳቸው ማወቅ ይቻላል። መልሱን የማያውቅ ተከራካሪም የሌለ አንቀጽ ከመጥቀስ ይልቅ፣ «በዚህ ነጥብ ላይ ለፍርድ ቤቱ የማቀርበው ሥልጣን ያለው ምንጭ የለኝም» ቢል ይሻላል።

ለልምምድ መምህራን ወይም ጓደኞች እንደ ዳኛ ተቀምጠው በየደቂቃው ያቋርጡ፤ ሌላ ሰው ደግሞ ተከራካሪው ከእያንዳንዱ መልስ በኋላ ወደ የትኛው ነጥብ እንደተመለሰ ይመዝግብ። ሰዓቱ ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ሲቀር ክርክሩ የትም ይድረስ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት መነገር አለበት፦ የ15 ሰዓቱ እስር ሕገ ወጥ መሆኑ እንዲረጋገጥና አመልካቹ እንዲለቀቅ። ይህ ሳይነገር የተጠናቀቀ ክርክር ለዳኞቹ የሚወስኑበትን ነገር አልሰጣቸውም።