ካለቀ ለምን ዛሬ አይገባም?

የመስከረም 2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ሳምንት ነው እንበል። በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም መስኮት ፊት የተሰለፉ ተበዳሪዎች ተቆጥተዋል። ነሐሴ 30 መክፈል የነበረባቸውን መስከረም 3 ቀን ቢከፍሉ፣ ሲስተሙ የ33 ቀን ቅጣት ቆርጦባቸዋል። ቅጣቱ በቀን 10 ብር ነውና ከእያንዳንዱ ሰው 330 ብር ተወስዷል። ሥራ አስኪያጇ የሶፍትዌር ባለሙያውን አስጠሩት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ።

«ችግሩን አግኝቼ አስተካክዬዋለሁ» አላቸው።

«ተባረክ! በል አሁኑኑ አስገባው።»

«መጀመሪያ በሙከራ ቅጂው ላይ እንየው። ሁለት ቀን ይስጡኝ።»

«ካለቀ ለምን ዛሬ አይገባም?»

ተቋሙ ምሳሌ ነው፤ ጥያቄው ግን በየመሥሪያ ቤቱ በየሳምንቱ ይነሳል። ደንበኛ እየጮኸ ሁለት ቀን መጠበቅ ለአንድ ኃላፊ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው በነዚያ ሁለት ቀናት ምን እንደሚሠራ አብረን እንከተለው።

ስህተቱ ራሱ ቀላል ነበር። ፕሮግራሙ በሁለት ቀኖች መካከል ያለውን ርቀት ሲቆጥር አሥራ ሦስቱንም ወር ባለ 30 ቀን አድርጎ ይወስዳል። ከነሐሴ 30 እስከ መስከረም 3 ያለው ትክክለኛ ርቀት የጳጉሜን 5 ቀንና የመስከረም 3 ቀን፣ በድምሩ 8 ቀን ነው። ፕሮግራሙ ግን ለጳጉሜን 30 ቀን ሰጥቶ 33 አደረገው። ባለሙያው ጳጉሜንን 5 ቀን አድርጎ አንዲት መስመር ለወጠ። በራሱ ኮምፒውተር ሲሞክረው 8 ቀን፣ 80 ብር አወጣለት። «አስተካክዬዋለሁ» ያለው ይህን አይቶ ነው፤ አልዋሸም።

ነገር ግን በእሱ ኮምፒውተር ላይ ያሉት ደንበኞች ለሙከራ ብሎ የፈጠራቸው ናቸው። ሃያ ወይም ሠላሳ ቢሆኑ ነው። ስማቸው የተሟላ፣ ቀናቸው የተስተካከለ፣ ሁሉም በዚህ ዓመት የተበደሩ ናቸው። ተቋሙ ደንበኛ የሚያስተናግድበት፣ ባለሙያዎች «ላይቭ» የሚሉት ሲስተም ግን የብዙ ዓመት መዝገብ ተሸክሟል። ውሉ ሁለት ጊዜ የታደሰለት ተበዳሪ፣ በስህተት ገብቶ የተሰረዘ ክፍያ፣ ከድሮ ሲስተም የተገለበጠ ሂሳብ፣ ሁሉም እዚያ አለ። «እኔ ጋ ይሠራል» ማለትና «እዚያ ይሠራል» ማለት የተለያዩ የሚሆኑት በዚህ ምክንያት ነው።

በሁለቱ መካከል የሚቆመው የሙከራ ቅጂ በሙያው ቋንቋ ስቴጂንግ ይባላል። ከላይቩ ጋር አንድ ዓይነት ፕሮግራም፣ አንድ ዓይነት ዳታቤዝ፣ አንድ ዓይነት አሠራር ያለው ለብቻው የቆመ ሲስተም ነው። መዝገቡም ከላይቩ የተቀዳ ነው። የደንበኞች ስም፣ ስልክና የመታወቂያ ቁጥር ግን እንዳይለይ ሆኖ ተቀይሯል። ገንዘቡና ቀኖቹ እንዳሉ ይቆያሉ፤ ስህተት የሚደበቀው እነሱ ውስጥ ነውና።

እንግዲህ ባለሙያው ማስተካከያውን በዚህ ቅጂ ላይ ጫነ። ከዚያ ሲስተሙ ማታ ማታ የሚያደርገውን የቀን መዝጊያ ስሌት ሁለት ጊዜ አስኬደ፤ አንዴ በአሮጌው ፕሮግራም፣ አንዴ በአዲሱ። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አድርጎ የተለወጠውን ሂሳብ ሁሉ አወጣ። ከመጀመሩ በፊት ግን የሚጠብቀውን በወረቀት ጽፎ ነበር፦ መለወጥ ያለበት መዘግየታቸው በጳጉሜን ላይ ያለፈ ብድሮች ቅጣት ብቻ ነው፤ ሌላ ምንም አይነካም። ይህ ጽሑፍ ከሙከራው ሁሉ ዋናው ነው። ምን እንደሚጠበቅ አስቀድሞ ያልተጻፈ ከሆነ፣ ማንኛውም ውጤት ደህና ሊመስል ይችላል።

የመጀመሪያው ሙከራ እስከ መጨረሻው አልደረሰም። የማታው ስሌት መንገድ ላይ ቆመ። ምክንያቱ ሲፈለግ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተከፈለ ክፍያ መዝገብ ውስጥ ተገኘ። 2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን የሆነችበት ዓመት ነበረች። ባለሙያው የዘንድሮውን ቅሬታ እያየ 5 ብሎ ስለጻፈ፣ ፕሮግራሙ ስድስተኛዋን ቀን «የለችም» ብሎ ሥራውን አቋረጠ። ከዚያ ሂሳብ በፊት የነበሩት ተሰልተዋል፤ ከእሱ በኋላ ያሉት አልተሰሉም።

ይህ ላይቩ ላይ ቢደርስ ምን ይመስል እንደነበር እናስብ። ስሌቱ የሚቆመው ሁሉም በተኛበት ሰዓት ነው። ጠዋት ቅርንጫፎች ሲከፈቱ ግማሹ ደንበኛ የዛሬ፣ ግማሹ የትናንት ሂሳብ ይዞ ይቀርባል። ገንዘብ ያዦቹም ሳያውቁ በዚያ ላይ ክፍያ መቀበል ይጀምራሉ። እኩለ ቀን ላይ ችግሩ ሲታወቅ አሮጌውን ፕሮግራም መመለስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በመካከል የተመዘገቡትን ክፍያዎች አንድ በአንድ ማስታረቅ ግን ቀናት ይፈጃል። ፕሮግራም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ የተቀበሉት ገንዘብና የሰጡት ደረሰኝ ግን እንደዚያ በቀላሉ አይመለስም።

ባለሙያው የጳጉሜንን ርዝመት ከዓመቱ እንዲያሰላ አድርጎ አረመውና እንደገና አስኬደው። አሁን ስሌቱ ተጠናቀቀ። የብድር ቅጣቶቹም እንደታሰበው ተስተካከሉ። ዝርዝሩ ግን እዚያ አላበቃም፤ ማንም ያልጠበቃቸው የቁጠባ ሂሳቦችም ተለውጠው ተገኙ። ለካ ያቺ ቀን የምትቆጥር መስመር የብድር ብቻ አልነበረችም። ፕሮግራሙን ከዓመታት በፊት የጻፈው ሰው የቁጠባ ወለድንም በእሷ ያስቆጥር ነበር። ጳጉሜን 30 ቀን ሆና ስትቆጠር ቆጣቢዎች የ25 ቀን ትርፍ ወለድ ሲያገኙ ኖረዋል። በዓመት 7 በመቶ ወለድ ለሚታሰብለት 10,000 ብር ይህ 48 ብር ገደማ ነው። አዲሱ ፕሮግራም እውነተኛውን ወለድ አስልቶ ልዩነቱን ከእያንዳንዱ ቆጣቢ ሂሳብ ቀነሰ።

ስሌቱ ልክ ነው። ግን የተበዳሪዎችን ቁጣ ለማብረድ የገባ ማስተካከያ በማግስቱ የቆጣቢዎችን ቁጣ ይቀሰቅስ ነበር፤ ያውም ምንም ሳይነገራቸው ገንዘብ ተቆርጦባቸው። ትርፍ የተከፈለው ወለድ ይመለስ ወይስ ይተው? ይህን የሚመልሰው ፕሮግራም ጻፊው አይደለም፤ ሥራ አስኪያጇ፣ የሂሳብ ክፍሉና የሕግ ክፍሉ ናቸው። የሙከራ ቅጂው ጥቅም ብልሽት መያዝ ብቻ ነው የሚመስላቸው ኃላፊዎች ይህን ልብ ይበሉ። በእርስዎ ስም ሊወሰን የነበረን ውሳኔ አስቀድሞ ጠረጴዛዎ ላይ የሚያመጣው እሱ ነው።

ቅጂው ይህን ሊያሳይ የቻለው ግን ትክክለኛ ቅጂ በመሆኑ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ተቀድቶ የተረሳ ቢሆን፣ ወይም ላይቩ ላይ የተደረጉ ለውጦች እሱ ላይ ባይደረጉ፣ ሙከራው ሌላ ቤት ውስጥ እንደመፈተን ይሆን ነበር። ከውጭው ዓለም ጋር የሚያገናኘውም መስመር መቆረጥ አለበት። አለበለዚያ የሙከራው ስሌት «48 ብር ተቀንሷል» የሚል አጭር መልእክት ወደ እውነተኛ ደንበኞች ስልክ ሊልክ ይችላል።

ሲስተሙን በእውነት አስኪዶ ማየትን ምንም እንደማይተካው ዓለም ያየበት ቀን ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያ በዚያ ዕለት ለደንበኞቹ አነስተኛ ማሻሻያ ፋይል ላከ። ፋይሉ ከመላኩ በፊት መፈተሻ በሆነ ሌላ ፕሮግራም ታይቶ «ደህና ነው» ተብሎ ነበር። መፈተሻው የሚያየው ግን የፋይሉን አቀማመጥ ነበር፤ በእሱም ላይ ስህተት ነበረበት። አዲሱ ፋይል 21ኛ መረጃ ይፈልጋል፤ ኮምፒውተሮቹ ላይ የነበረው ፕሮግራም የሚያቀብለው ግን 20 ብቻ ነበር። የሌለውን 21ኛ ሲፈልግ ኮምፒውተሩ ይወድቃል።

ኩባንያው ፋይሉን ያነሳው ከ78 ደቂቃ በኋላ ነው። ማይክሮሶፍት እንደገመተው በዚያ መካከል 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተመትተዋል። አውሮፕላኖች ከመብረር ቀሩ፤ ሆስፒታሎችና ባንኮች ሥራቸው ተስተጓጎለ። ብዙዎቹ ኮምፒውተሮች መነሳት ስላልቻሉ ባለሙያ በእያንዳንዳቸው ፊት ተቀምጦ ፋይሉን በእጁ ማጥፋት ነበረበት። ፋይሉ ለሁሉም ከመላኩ በፊት በጥቂት የዊንዶውስ ማሽኖች ላይ ተጭኖ ቢሆን ኖሮ መውደቃቸው ወዲያው ይታይ ነበር። ኩባንያውም ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያሉ ፋይሎችን በስፋት እንደሚሞክርና በየደረጃው እንደሚልክ አስታውቋል።

በየደረጃው መላክ ያስፈለገው የሙከራ ቅጂም ሁሉን ስለማያሳይ ነው። በደመወዝ ቀን ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ የሚፈጠረውን ጫና ቅጂው ላይ አናገኘውም። ስለዚህ ማስተካከያው ሙከራውን ካለፈ በኋላም መጀመሪያ በአንድ ቅርንጫፍ ይገባል፤ አንድ ቀን ታይቶ ወደሌሎቹ ያልፋል።

«ደንበኛው እስከዚያ ምን ይሁን?» የሚለው የሥራ አስኪያጇ ጭንቀት ግን መልስ ይፈልጋል፤ መልስም አለው። ጉዳቱን ማስቆምና ስህተቱን ማረም ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የቅጣት ስሌቱን ለሁለት ቀን ማገድ፣ የተቆረጠባቸውን መዝግቦ «እስከ ዓርብ ይመለስላችኋል» የሚል ማስታወቂያ መስኮቱ ላይ መለጠፍ ዛሬውኑ ይቻላል። እገዳውም በቅጂው ላይ ይሞከር፤ ያለውን ሥራ ማቆም ብቻ ስለሆነ የሰዓት ጉዳይ ነው። ደንበኛው ፋታ ካገኘ ባለሙያው ሳይዋከብ ይሠራል።

እንግዲህ እርስዎ ኃላፊ ከሆኑ «ተስተካክሏል» ሲባሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ቅጂው መቼ የተቀዳ ነው? ይለወጣል ብለን ከጻፍነው ውጭ ምን ተለወጠ? ቢበላሽ የምንመለስበትን መንገድ ሞክረነዋል? ለሦስቱም መልስ ካለ ይፈርሙ። ከሌለ ሁለቱን ቀን ይስጡ፤ ጳጉሜን 6ን የደበቀች መስመር ደንበኛዎ ፊት ከምትገኝ ባለሙያዎ ጠረጴዛ ላይ ትገኝ።