ያልተዘጋው ማክሰኞ

ቢቸና ላይ ጤፍ የሚነግድ ሰው አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞች በፌስቡክ ያስተዋውቃል እንበል። ማስታወቂያውን የነካ ሰው ወደ ማዘዣ ድረ ገጽ ይገባል። ሞጣ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ሪፖርቱን ይከታተላል። ወንድምየው የማክሰኞን ሪፖርት ረቡዕ ጠዋት ሲከፍት ወጪው፣ ወደ ብር ሲመነዘር፣ 600 ነው፤ ትእዛዙ 2። አንድ ትእዛዝ 300 ብር ፈጀ ማለት ነው። «ጋሼ፣ ይሄ ማስታወቂያ አያዋጣም፣ እናቁመው» ይላል። በሳምንቱ ያንኑ ማክሰኞ ሲከፍተው ግን ትእዛዙ 5 ሆኗል፤ የአንዱም ዋጋ ወደ 120 ብር ወርዷል።

የተሳሳተ ነገር የለም። ፌስቡክ ትእዛዙን የሚመዘግበው ገዢው ባዘዘበት ቀን ሳይሆን ማስታወቂያው በደረሰው ቀን ነው። ማክሰኞ ማስታወቂያውን የነካች እናት ከቤተሰብ ተማክራ ቅዳሜ ብታዝ፣ ትእዛዟ ተመልሶ ማክሰኞ ላይ ይደመራል። ይህ ግን ገደብ አለው። በተለመደው አሠራር ማስታወቂያውን ነክቶ በ7 ቀን ውስጥ፣ ወይም ሳይነካ አይቶት ብቻ በ1 ቀን ውስጥ ያዘዘ ይቆጠራል። ከነካ 7 ቀን ካለፈው በኋላ ያዘዘ አይቆጠርም። ጎግል ላይ ገደቡ ካልተቀየረ በቀር 30 ቀን ስለሆነ ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ሲጨምር ይቆያል። ትእዛዙን በታዘዘበት ቀን ማየት የፈለገ፣ እዚያ `Conversions (by conv. time)` የሚል ዓምድ ያገኛል።

ቁጥሩ የሚለወጥበት ሁለተኛ ምክንያትም አለ፤ ይኸኛው የመረጃው መዘግየት ነው። ለምሳሌ የጎግል አናሊቲክስ መረጃ ተጣርቶ እስኪገባ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ሁለቱን መለየት አያስቸግርም። ወጪውና የነኩት ሰዎች ቁጥር ጭምር ከጨመረ የዘገየው መረጃው ነው። እነሱ ባሉበት ቆመው ትእዛዙ ብቻ ካደገ ግን የዘገየው በአብዛኛው ገዢው ነው።

ስለዚህ ረቡዕ ጠዋት የታየ ማክሰኞ ለፍርድ አይበቃም፤ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ረቡዕ መጠበቅ ይገባዋል። መጠበቅ የማይችል ነጋዴ አንድ መላ አለው። በየጠዋቱ የሚያየውን ቁጥር ካየበት ቀን ጋር ደብተር ላይ ያሰፍራል፤ ከዚያ የዚህን ማክሰኞ የሁለተኛ ቀን ቁጥር ካለፈው ማክሰኞ የሁለተኛ ቀን ቁጥር ጋር ያስተያያል። ትናንትን ከበሰለ ሳምንት ጋር ያወዳደረ ሁልጊዜ ትናንትን ይበድላል። ብዙ ደህና ማስታወቂያ ያለጊዜው የሚቆመውም በዚህ ይመስለኛል።

በእኛ አገር ግን ከዚህም የሚብስ ጉድለት አለ። ማስታወቂያውን ካየ በኋላ ስልክ ደውሎ ወይም በቴሌግራም ጽፎ ኩንታል ያዘዘ ሰው፣ ነጋዴው ራሱ መረጃውን ካላስገባ በቀር፣ ሪፖርቱ ላይ በስንተኛውም ቀን አይታይም። ለሱ ያለው መፍትሔ ደዋዩን «የት አዩን?» ብሎ ጠይቆ መልሱን እዚያው ደብተር ላይ መጻፍ ነው።