የእንቁራሪት የሕይወት ዑደት በስድስት ሥዕሎች

የተዘበራረቁ የእንቁራሪት ሥዕሎችን በቅደም ተከተል ማስቀመጥ ለሦስተኛ ክፍል ተማሪ የሚሰጥ የታወቀ መልመጃ ነው። ሥዕሎቹ አራት ብቻ ሲሆኑ፣ ማለትም እንቁላል፣ እጭ፣ ትንሽ እንቁራሪትና ትልቅ እንቁራሪት፣ ሥራው ከሚገባው በላይ ይቀላል። ተማሪው ስለ እንቁራሪት ምንም ባያውቅም ከትንሹ ወደ ትልቁ በመደርደር ብቻ መልሱን ያገኛል። የመልመጃ ወረቀቱ ዕውቀትን እንዲለካ ከተፈለገ በሥዕሎቹ መካከል ያለው ልዩነት በመጠን ሳይሆን በአካል ለውጥ መታየት አለበት።

ለዚህ ስድስት ሥዕሎች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ዝልግልግ ነገር ውስጥ የተሰባሰቡ እንቁላሎችን ያሳያል። ሁለተኛው እግር የሌላት ባለ ጭራ እጭ ነው። በሦስተኛው እጯ ሁለት የኋላ እግሮች አብቅላለች፤ በአራተኛው አራት እግሮችና ረጅም ጭራ አሏት። አምስተኛው ጭራዋ አጥሮ ጉጥ ብቻ የቀረላት ትንሽ እንቁራሪት ስትሆን፣ ስድስተኛው አዋቂዋ እንቁራሪት ናት። ስድስቱም በእኩል መጠን ይሣላሉ። ይህ ተማሪውን ለማታለል የሚደረግ ሳይሆን እውነታውን የሚከተል ነው። ጭራዋን ልትጨርስ የተቃረበች ትንሽ እንቁራሪት ቀድሞ ከነበረችው ባለ ረጅም ጭራ እጭ ታጥራለችና፣ በመጠን የሚደረድር ተማሪ በተፈጥሮም ይሳሳታል።

ከመልመጃው በፊት የሚሰጠው አጭር ትምህርት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ዋና ጥያቄውም አንድ ነው፤ በውሃ ውስጥ የምትኖር፣ ዕፅ የምትበላ ፍጥረት በየብስ ላይ ነፍሳት አድና እንድትኖር ምን ምን መለወጥ አለበት? ልጆች የለውጡን ምክንያት ሲያውቁ ቅደም ተከተሉን በቃል መሸምደድ አያስፈልጋቸውም።

አብዛኞቹ እንቁራሪቶች እንቁላላቸውን የሚጥሉት ውሃ ውስጥ ነው። ሴቷ ስትጥል ወንዱ ከላይ ሆኖ ያስረግዘዋል። እንቁላሉ እንደ ዶሮ እንቁላል ጠንካራ ቅርፊት የለውም፤ የሸፈነው ዝልግልግ ነገር ነው፤ ከውሃ ወጥቶ ፀሐይ ቢያገኘው ይደርቃል። የምትፈለፈለው እጭ እግር የላትም። በጭራዋ ትዋኛለች፣ እንደ ዓሣ በስንጥብ ትተነፍሳለች፣ በድንጋይና በቅጠል ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ዋቅላሚ እየፋቀች ትበላለች። ዕፅ ለመፍጨት ረጅም አንጀት ያስፈልጋል፤ የአንዳንዶቹ እጮች የተጠቀለለ አንጀት በሆዳቸው ስስ ቆዳ በኩል ይታያል።

ቀጥሎ የኋላ እግሮች ይወጣሉ። መጀመሪያ በጭራው ሥር እንደ ትንሽ እንቡጥ ይታያሉ፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይረዝማሉ። የፊት እግሮች በዚህ ጊዜ እያደጉ ቢሆንም ስንጥቡን በሚሸፍነው ቆዳ ሥር ስለተደበቁ አይታዩም። ሲደርሱ ቆዳውን አልፈው በአጭር ጊዜ ውስጥ ብቅ ይላሉ። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የፊት እግር ቀድሞ የሚወጣ ይመስላቸዋል። «የኋላው ይቀድማል፣ የፊቱ ይደበቃል» ተብሎ ሲነገራቸው ይይዙታል።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ጭራው ተቆርጦ ይወድቃል ማለት ነው። ጭራው አይወድቅም፤ ሕዋሳቱ እየፈረሱ በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ወደ ሰውነቷ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ አፏ ከሚፋቅ ወደሚይዝ፣ አንጀቷም ከረጅም ወደ አጭር እየተለወጠ ስለሆነ እንደ ወትሮዋ መብላት አትችልም፤ ጭራዋ ስንቅ ይሆናታል። ስንጥቧ ጠፍቶ በሳንባና በቆዳዋ መተንፈስ ትጀምራለች። አምስተኛው ሥዕል ላይ የሚታየው ጉጥ የዚህ ለውጥ የመጨረሻ ምልክት ነው።

የመልመጃ ወረቀቱ አቀማመጥም ትርጉም አለው። ስድስቱ ሣጥኖች በአንድ መስመር ከተደረደሩ ታሪኩ አዋቂዋ ላይ ያበቃ ይመስላል። በክብ ተደርድረው በመካከላቸው ቀስት ሲኖር ግን ተማሪው ከአዋቂዋ በኋላ እንደገና እንቁላል እንደሚመጣ በዓይኑ ያያል። ተቆርጠው የሚለጠፉት ሥዕሎች ቁጥር ሳይሆን የተዘበራረቀ ፊደል ይሰጣቸዋል። ለምሳሌ ሀ ባለ ሁለት እግሯ እጭ፣ ለ አዋቂዋ፣ ሐ እንቁላሉ፣ መ ባለ ጉጥዋ ትንሽ እንቁራሪት፣ ሠ እግር አልባዋ እጭ፣ ረ ባለ አራት እግሯና ባለ ረጅም ጭራዋ እጭ ቢሆኑ፣ ትክክለኛው ዑደት ሐ፣ ሠ፣ ሀ፣ ረ፣ መ፣ ለ ሆኖ ወደ ሐ ይመለሳል። በእያንዳንዱ ቀስት አጠገብ አንድ አጭር መስመር ይተዋል፤ ተማሪው ከአንዱ ሥዕል ወደ ሌላው ሲሄድ ምን እንደተለወጠ በጥቂት ቃላት ይጽፍበታል፤ «የኋላ እግር ወጣ»፣ «ጭራው አጠረ» እንደማለት።

በእርማት ጊዜ እያንዳንዱን ሣጥን ለብቻው ማየት ያሳስታል። አንድ ተማሪ ከላይኛው ሣጥን ጀምሮ ሠ፣ ሀ፣ ረ፣ መ፣ ለ፣ ሐ ብሎ ለጠፈ እንበል። እንቁላሉን መጨረሻ ላይ ስላደረገ በሣጥን ቁጥር ቢታረም ከ6 ዜሮ ያገኛል፤ በክቡ ላይ ግን አንድም ስሕተት የለበትም፤ የጀመረበት ቦታ ብቻ ተለየ። ስለዚህ የሚቆጠረው «ማን ማንን ይከተላል» የሚለው ግንኙነት ነው፤ በክቡ ላይ ስድስት ቀስቶች አሉና ከ6 ይታረማል። ሌላ ተማሪ ሐ፣ ሠ፣ ረ፣ ሀ፣ መ፣ ለ ብሎ ቢደረድር ባለ አራት እግሯን ከባለ ሁለት እግሯ አስቀድሟል። ትክክል የሆኑት ቀስቶች ሦስት ናቸው፤ ከሐ ወደ ሠ፣ ከመ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ሐ። ሦስቱ የተሳሳቱት ቀስቶች ሁሉም ከእግሮቹ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ፣ መምህሩ ለዚህ ልጅ ሙሉውን ትምህርት መድገም ሳያስፈልገው ሀ እና ረን ጎን ለጎን አድርጎ እግሮቹን እንዲቆጥር ቢጠይቀው ይበቃል።

በወረቀቱ ላይ የቀንና የሳምንት ቁጥር ማስገባት አይመከርም። የለውጡ ፍጥነት በውሃው ሙቀት፣ በምግቡና በዝርያው ይወሰናል። የአንዳንዶቹ ለውጥ በጥቂት ሳምንታት ሲያልቅ፣ ቡልፍሮግ የተባለችው የሰሜን አሜሪካ ትልቅ እንቁራሪት ቀዝቃዛ አካባቢ ላይ እስከ ሁለት ዓመት በእጭነት ልትቆይ ትችላለች። ዑደቱም ለሁሉም አንድ አይደለም። በባሌ ተራሮች አካባቢ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ጉርጥ እንቁላሏን የምትጥለው ኩሬ ውስጥ ሳይሆን እርጥብ መሬት ላይ ነው። በወረቀቱ ራስጌ «ውሃ ውስጥ እንቁላል የምትጥል እንቁራሪት» ብሎ መጻፍ ይህን ልዩነት ይጠብቃል።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ትምህርት በመስከረም ሲከፈት ከክረምቱ የተረፈ ውሃ ባለበት ሜዳ እጮችን ማግኘት ይቻላል። ጥቂቶቹን በሰፊ ሳህን ወደ ክፍል ለማምጣት ከተፈለገ ውሃው ከራሳቸው ኩሬ ይቀዳል፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ይጎዳቸዋል። የፊት እግር ካወጡ በኋላ ከውሃው በላይ የሚወጣ ድንጋይ ያስፈልጋቸዋል፤ በሳንባ መተንፈስ ስለሚጀምሩ መውጫ ካጡ ሊሰምጡ ይችላሉ። ከምልከታው በኋላ ልጆቹ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፤ እጮቹም ወደተወሰዱበት ኩሬ ይመለሳሉ።