በስልክ ፎቶ የተላከ የእድገት ካርድ እንዴት ይነበባል?

ሕፃን ጤና ኬላ ሄዶ በተመዘነ ቁጥር ክብደቱ በእድገት መከታተያ ካርዱ ላይ በነጥብ ይሰፍራል። ዛሬ ያ ካርድ በስልክ ፎቶ እየተነሣ በቴሌግራም ይላካል። እናት ነርስ ለሆነች እህቷ ትልካለች፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጤና ጣቢያ ላለ ባልደረባዋ ትልካለች። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ልጁ ደህና ነው?» ተቀባዩም የመጨረሻዋን ነጥብ ብቻ አይቶ፣ ከታችኛው መስመር በላይ ካገኛት «ደህና ነው፤ አታስቡ» ብሎ ይመልሳል።

ይህ መልስ ችግር ላይ ያለን ልጅ ሊያሳልፍ ይችላል። አንዲት ነጥብ የምትነግረን ልጁ በዚያን ቀን የት እንደነበረ ብቻ ነው። ወዴት እያመራ እንደሆነ የምናውቀው ነጥቦቹን በየቦታቸው አስቀምጠን፣ አያይዘን ስናይ ነው።

መስመሮቹ ምን ይላሉ?

የክብደትን ለውጥ እናት እጅ ላይ በሚቀር ካርድ መከታተልን ካስፋፉት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ዴቪድ ሞርሊ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው ናይጄሪያ ውስጥ ኢሜሲ ኢሌ በምትባል መንደር ነው። አሁን በብዙ አገር ካርዶች ላይ የምናያቸው መስመሮች ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ካወጣው መለኪያ የመጡ ናቸው። መለኪያው የተዘጋጀው በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ የእናት ጡት እየጠቡ በጥሩ ሁኔታ ያደጉ ሕፃናትን በመከታተል ነው።

በካርዱ ግርጌ በአግድም የተጻፈው ዕድሜ በወር ነው፤ በጎን ሽቅብ የተጻፈው ክብደት በኪሎ ነው። ከሚጎብጡት መስመሮች መካከለኛው ጤናማ ሕፃናትን እኩል ለሁለት ይከፍላል፤ ግማሹ ከእሱ በላይ፣ ግማሹ ከእሱ በታች ይሆናል። ከሥሩ ያለውና «-2» የሚባለው መስመር የማስጠንቀቂያ ድንበር ነው፤ በደንብ ከሚያድጉ ሕፃናት ከመቶ ሁለት ያህሉ ብቻ ከእሱ በታች ይገኛሉ። ከሱም ዝቅ ያለው «-3» ከባድ የክብደት ማነስን ያሳያል።

ፎቶው እንደደረሰ መጀመሪያ የሚታየው ካርዱ የሴት ነው ወይስ የወንድ የሚለው ነው። በስድስት ወር የሴቶች የማስጠንቀቂያ መስመር 5.7 ኪሎ ላይ ሲያልፍ፣ የወንዶቹ 6.4 ኪሎ ላይ ያልፋል። ስድስት ኪሎ የምትመዝን ሴት ልጅ በስሕተት በወንድ ካርድ ላይ ከተመዘገበች፣ ሳይጎድላት የጎደላት ትመስላለች።

ነጥቧን ከፎቶ ላይ ማንሣት

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። መስከረም 12 የተወለደች ሕፃን አለች። ስትወለድ 3.2 ኪሎ ነበረች። ኅዳር 15 ቀን 5.0፣ ጥር 14 ቀን 6.3፣ መጋቢት 13 ቀን 6.9 ኪሎ መዘነች። ከዚያ በኋላ ግንቦት 15 እና ሰኔ 14 ተመዝናለች። ፎቶው የተነሣው ካርዱን ጉልበት ላይ አስቀምጦ፣ ስልኩን ወደ ታችኛው ጠርዝ አጋድሎ ነው። የግንቦቱ ክብደት በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ ግን የመጨረሻው አሃዝ 9 ይሁን 4 አይለይም።

እንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ማስመሪያ አስቀምጦ ቁመት መለካት ያሳስታል። ስልኩ ወደ ታችኛው ጠርዝ ስለቀረበ፣ ከታች ያሉት የኪሎ ሳጥኖች ሰፍተው፣ ከላይ ያሉት ጠበው ይታያሉ። ከታች ባለው የሳጥን ስፋት ወደ ላይ የለካ ሰው ክብደቱን ከእውነተኛው አሳንሶ ያነባል። ስለዚህ ነጥቧን ከበታችና ከበላይ የሚያዋስኗትን ሁለት የኪሎ መስመሮች መፈለግ፣ እነሱን ይዞ ቁጥሩ እስከተጻፈበት ጠርዝ መሄድ፣ ከዚያም ነጥቧ በሁለቱ መካከል ምን ያህል ከፍ እንዳለች እዚያው አጠገቧ መገመት ይሻላል። ካርዱ ጠፍጣፋ ከሆነ መስመሮቹ ዘንበል ቢሉም ቀጥ እንዳሉ ስለሚቆዩ፣ የወረቀት ጠርዝ ስክሪኑ ላይ አስደግፎ መከተል ይቻላል። ካርዱ ከጎበጠ ግን የታተመውን መስመር ራሱን በዓይን መከተል ነው እንጂ ወረቀቱ አያገለግልም።

የልጅቷ የግንቦት ነጥብ በ6 እና በ7 ኪሎ መስመሮች መካከል፣ ከ7 ትንሽ ዝቅ ብላ ትታያለች። 6.4 ብትሆን ኖሮ ከመካከል በታች ትውል ነበር። እንግዲህ የተጻፈው 6.9 ነው። የሰኔዋ ነጥብ ደግሞ 7 መስመር ላይ አርፋለች፤ ጽሑፉም 7.0 ይላል። የተጻፈው ቁጥርና ነጥቧ ካልተስማሙ ላኪዋን መጠየቅ እንጂ አንዱን በግምት መምረጥ አይገባም። የካርዱ እጥፋት መስመር መስሎ፣ የቀለም ጠብታም ነጥብ መስሎ ሊታይ ይችላልና።

የወር ቆጠራው ስሕተት

ቀጥሎ የሚመረመረው ዕድሜ ነው። በካርዱ ላይ የግንቦቷ ነጥብ የተቀመጠችው ዘጠነኛው ወር ላይ ነው፤ የሰኔዋ አሥረኛው ላይ። የመጋቢቷ ግን ስድስተኛው ላይ ናት። ከመጋቢት 13 እስከ ግንቦት 15 ሁለት ወር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ካርዱ ላይ የሦስት ወር ክፍተት ተፈጥሯል። አንድ ነገር ተሳስቷል ማለት ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ብዙ ጊዜ የወሮችን ስም መቁጠር ነው። ከመስከረም እስከ ግንቦት የወሮቹን ስም ብንጠራ ዘጠኝ ይሆናሉ። ካርዱ የሚፈልገው ግን የሞሉትን ወሮች ነው። መስከረም 12 የተወለደች ልጅ ጥቅምት 12 ላይ አንድ ወር ሞላት፤ ግንቦት 12 ላይ ስምንት ሞላት፤ ግንቦት 15 ላይም ገና የስምንት ወር ልጅ ናት። በዚሁ ስሌት ሰኔ 14 ላይ ዘጠኝ ወሯ ነው። ዓመት በሚሻገር ቆጠራ ደግሞ ጳጉሜን እንደ አንድ ወር መቁጠር ሌላው ወጥመድ ነው፤ አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ናትና አትቆጠርም። ልጁ ያለ ጊዜው የተወለደ ከሆነም መነገር አለበት፤ የዕድሜው አቆጣጠር ይስተካከላል።

የተሳሳቱትን ነጥቦች ፎቶው ላይ ከመጎተት ይልቅ፣ የስድስቱንም ቀን የተወለደችበትን፣ የተመዘነችበትን፣ የሞላትን ወርና ክብደቷን በወረቀት ጽፎ፣ ንጹሕ የሴት ልጅ ካርድ ላይ እንደገና ማስፈር ይመረጣል። ከዚያ ነጥቦቹ በተራ ይያያዛሉ።

አዝማሚያውን መዳኘት

አሁን መስመሩን እንይ። እስከ አራት ወር ልጅቷ መካከለኛውን መስመር ተጠግታ ወጥታለች። በሁለት ወር መካከለኛው 5.1 ሲሆን እሷ 5.0 ነበረች፤ በአራት ወር 6.4 ሲሆን እሷ 6.3። በስድስት ወር ግን መካከለኛው 7.3 ደርሶ እሷ 6.9 ላይ ቀረች። በስምንት ወር መካከለኛው 7.9 ነው፤ እሷ አሁንም 6.9። በዘጠኝ ወር 8.2 ነው፤ እሷ 7.0። መካከለኛው መስመር በሦስት ወር ውስጥ 900 ግራም ሲወጣ፣ ልጅቷ የጨመረችው 100 ግራም ብቻ ነው።

የማስጠንቀቂያው መስመር በዘጠኝ ወር 6.5 ላይ ስለሆነ፣ ልጅቷ ከሱ በላይ ናት። የመጨረሻ ነጥቧን ብቻ ያየ ሰው ክብደቷ ለዕድሜዋ አልወረደም ይላል፤ እውነቱንም ነው። ነገር ግን በስድስት ወሯ ከዚያ ድንበር 1.2 ኪሎ ትርቅ የነበረች ልጅ፣ አሁን ግማሽ ኪሎ ብቻ ነው የምትርቀው። በ7.0 ላይ እንደቆመች ዓመት ቢሞላት፣ የማስጠንቀቂያው መስመር ራሱ 7.0 ላይ ይጠብቃታል።

የሚዛን ስሕተት ሊሆን ይችላል ወይ? ሳልተር ሚዛን በ100 ግራም ልክ ነው የሚነበበው። ዜሮው ካልተስተካከለ ወይም ልጅ አንድ ጊዜ በልብስ፣ አንድ ጊዜ ራቁቱን ከተመዘነ መቶ ሁለት መቶ ግራም ይዛነፋል። ስለዚህ በአንድ ወር የታየች ትንሽ ዝቅታ ብቻዋን አታስፈርድም፤ ድጋሚ መመዘን ነው። እዚህ ግን የጎደለው 800 ግራም ነው፤ የታየውም በተከታታይ ሁለት ምዘና ነው። የወር ቆጠራው ስሕተት እንኳ ፍርዱን አይለውጠውም፤ ነጥቦቹን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ብናዛውራቸው መስመሩ ጠፍጣፋ ነው።

ሁሉም መዛነፍ በሽታ አይደለም። ከፍ ባለ ክብደት የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ወሮች ትንሽ ዝቅ ብሎ የራሱን መስመር ሊይዝ ይችላል። ከመካከለኛው በታች ሆኖ ከእሱ ጋር ጎን ለጎን የሚወጣ ልጅም በራሱ ልክ እያደገ ነው። የሚያሰጋው መውጣቱን ያቆመ መስመር ነው፤ ቁልቁል የወረደው ደግሞ ይበልጥ ያስቸኩላል።

ከካርዱ ቀጥሎ

ክብደት ለዕድሜ ምክንያቱን አይናገርም። ልጁ የቀጨጨ ይሁን የከሳ አይለይም፤ ለዚያ ቁመትና የክንድ ዙሪያ ይለካል። ከስድስት ወር በላይ የሆነ ሕፃን የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲሜትር ካነሰ፣ የእድገት መስመሩ የትም ይሁን የት፣ ከባድ የምግብ እጥረት ነው። በሁለቱም እግሮች ላይ ሲጫኑት የሚሰረጉድ እብጠት ካለም ውኃው ክብደት ስለሚጨምር ነጥቧ ታታልላለች፤ ልጁ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የምሳሌያችን ልጅ መስመር መጥበብ የጀመረው ተጨማሪ ምግብ በሚጀመርበት ጊዜ አካባቢ ነው። ስለዚህ ለእናቲቱ የሚቀርቡት ጥያቄዎች ግልጽ ናቸው፦ ጡት ትጠባለች? በቀን ስንት ጊዜ ትመገባለች? የምትበላው ቀጭን አጥሚት ነው ወይስ ወፈር ያለ ገንፎ? እንቁላል፣ ሽሮ፣ ዘይት ወይም ቅቤ ይጨመርበታል? ተቅማጥ፣ ትኩሳት ወይም ሳል ነበራት? በዘጠኝ ወሯ ከጡት በተጨማሪ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ወፈር ያለ ምግብ ያስፈልጋታል።

ካርድ በፎቶ ለምትልኩ፦ ካርዱን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት፤ ስልኩን ከበላዩ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፤ አንዱን ፎቶ አራቱም ጠርዞች እንዲታዩ፣ ሌላውን ከነጥቦቹ ቀርባችሁ አንሡ፤ የተወለደበትንና የተመዘነበትን ቀን፣ ክብደቱንም በጽሑፍ ጨምሩ። ካርድ ለምትቀበሉ ደግሞ፦ ቢያንስ ሦስት ነጥብ ሳታያይዙ «ደህና ነው» አትበሉ። መስመሩ ከቆመ፣ ነጥቧ ገና ከድንበሩ በላይ ብትሆንም፣ ልጁ በዚያው ሳምንት ጤና ባለሙያ ፊት ይቅረብ። ልጁ መጥባት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከፈዘዘ ግን ፎቶውን ትታችሁ ልጁን ወዲያው ወደ ጤና ተቋም አድርሱት።