ስፋት-ቀዳሚ ፍለጋ የሚያስፈልገውን የግራፍ ጥያቄ መለየት

ስፋት-ቀዳሚ ፍለጋ (ቢኤፍኤስ) እና ጥልቀት-ቀዳሚ ፍለጋ (ዲኤፍኤስ) አንድን ግራፍ ከመነሻ ነጥብ ጀምሮ የማሰሻ ሁለት ዘዴዎች ናቸው። የመጀመሪያው የመነሻውን ጎረቤቶች በሙሉ ካየ በኋላ ወደ ጎረቤቶቻቸው ጎረቤቶች ያልፋል፤ ሁለተኛው አንዱን መስመር ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄድና ሲዘጋበት ይመለሳል። «ከዚህ ወደዚያ መድረስ ይቻላል?» ለሚል ጥያቄ ሁለቱም ትክክለኛ መልስ ይሰጣሉ። ጥያቄው «በትንሹ በስንት እርምጃ?» ሲሆን ግን መንገዳቸው ይለያያል።

ከቤሌ የተነሳ መንገደኛ በትንሹ ስንት መኪና ተሳፍሮ ሻሸመኔ ይደርሳል እንበል። ከተሞቹ ነጥቦች ናቸው፤ ሁለት ከተሞችን ያለ ቅያሪ የሚያገናኝ መኪና መስመር ነው። ከተሞቹ እውነተኛ ቢሆኑም መስመሮቹ ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው፤ ለጉዞ መናኸሪያ ሄዶ መጠየቅ ይሻላል።

```
ቤሌ: አረካ, ሶዶ
አረካ: ቤሌ, ሶዶ
ሶዶ: ቤሌ, አረካ, ቦዲቲ, ሻሸመኔ
ቦዲቲ: ሶዶ, ሻሸመኔ
ሻሸመኔ: ሶዶ, ቦዲቲ
```

ዲኤፍኤስ በዝርዝሩ ቅደም ተከተል ሲሄድ ከቤሌ አረካ፣ ከዚያ ሶዶ፣ ከዚያ ቦዲቲ፣ በመጨረሻ ሻሸመኔ ይደርሳል፤ 4 መኪና ማለት ነው። ቢኤፍኤስ በ1 መኪና የሚደረስባቸውን አረካንና ሶዶን አስቀድሞ ይመዘግባል፤ ከሶዶ ሻሸመኔን ሲያገኝ መልሱ 2 ይሆናል። በወረፋው ውስጥ ቅርቡ ሁልጊዜ ከሩቁ ስለሚቀድም አንድ ነጥብ መጀመሪያ የተገኘበት እርምጃ ትንሹ ነው።

ብዙ ተማሪ ዲኤፍኤስን ሳይተው «ትንሹን ቁጥር ልያዝ» ይላል። ይህ አይሠራም፤ ሶዶ በአረካ በኩል በ2 መኪና ስትደረስ «ታይታለች» ተብላ ስለምትቆለፍ፣ ከቤሌ በቀጥታ የሚሄደው መስመር ዳግም አይሞከርም። ቁልፉን እየፈቱ ሁሉንም መንገድ መሞከር ትክክለኛ መልስ ያመጣል፤ ዋጋው ግን አይቻልም። 20 ከተሞች ሁሉም ለሁሉም ቢገናኙ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ሁሉንም ከተማ የሚያዳርሱት መንገዶች ብቻ 18! ናቸው፤ ከ6 ኳድሪሊዮን ይበልጣሉ። በዚያው ግራፍ ላይ ቢኤፍኤስ የሚያያቸው መስመሮች 190 ናቸው።

ስህተቱን ለመያዝ ቀላሉ መንገድ የጎረቤቶቹን ቅደም ተከተል መቀያየር ነው። በቤሌ ዝርዝር ሶዶ ብትቀድም የዲኤፍኤሱ መልስ ከ4 ወደ 3 ይወርዳል (አሁንም ስህተት ነው)፤ የቢኤፍኤሱ 2 ግን አይነቃነቅም። በቅደም ተከተል የሚለዋወጥ «አጭር መንገድ» አጭር አይደለም።

ቢኤፍኤስ የሚቆጥረው መስመሮችን ብቻ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ጥያቄው በኪሎ ሜትር ወይም በታሪፍ ከሆነ ሁለት መኪና ከሦስት ሊወደድ ይችላልና የዳይክስትራ ስልት ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ግራፉ ዙር አለው ወይ፣ ወይም ቅድመ ሁኔታ ያላቸው ኮርሶች በምን ተራ ይወሰዱ የሚሉ ጥያቄዎች የእርምጃ ብዛት አይጠይቁም፤ እዚያ ዲኤፍኤስ በደንብ ይሠራል።