አርባ ስምንቷ ሳንቲም ከየት መጣች?

አንድ የጽሕፈት መሣሪያ አከፋፋይ ለአንድ ትምህርት ቤት 120 ደብተር ለመሸጥ ተስማማ እንበል። የአንዱ ደብተር ዋጋ ቫትን ጨምሮ 100 ብር ነው። ሒሳቡን በሱቁ የሚላላከው ልጅ እንኳ በቃሉ ይነግራል፤ 12,000 ብር። ትዕዛዙ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ፣ ፕሮግራሙ ኢንቮይሱን በፒዲኤፍ አዘጋጀ፣ ፕሪንተሩም አወጣው። ከታች በደማቁ የተጻፈው ጠቅላላ ድምር ግን 12,000.48 ይላል። የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሹም ቼኩን የጻፈው በ12,000 ብር ነበር። ቼኩና ወረቀቱ አልተገናኙም፣ ክፍያውም ቆመ።

48 ሳንቲም ማንንም አያደኸይም። የሒሳብ ክፍል ግን ገንዘቡ አንሶ ሳይሆን ሁለቱ ሰነዶች ስላልተስማሙ ነው ፋይሉን የሚይዘው። የሚገርመው ፕሮግራሙ በየደረጃው የሠራው ስሌት ትክክል መሆኑ ነው። 100 ብርን ለ1.15 ሲያካፍል 86.9565… አገኘና ወደ ሁለት አሐዝ አጠጋግቶ 86.96 አለ። ይህን በ120 አባዛ፤ 10,435.20። 15 በመቶ ቫት አሰላ፤ 1,565.28። ደመረ፤ 12,000.48። ጥፋቱ ያለው መጀመሪያ ላይ፣ የአንዱን ደብተር ዋጋ ባጠጋጋበት ቦታ ነው። እዚያ የተጨመረችው ከግማሽ ሳንቲም ያነሰች ነገር 120 ጊዜ ተባዛች፣ ቫትም ተጨመረባት።

መፍትሔው ስሌቱን ከተስማሙበት ገንዘብ መጀመር ነው። ገዥና ሻጭ የተስማሙት በ12,000 ብር ከሆነ እሱ አይነካም። 12,000 ለ1.15 ይካፈላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይጠጋጋል፤ ከቫት በፊት ያለው ዋጋ 10,434.78 ይሆናል። ቫቱ እንደገና አይባዛም፤ ከ12,000 ላይ 10,434.78 ተቀንሶ 1,565.22 ይገኛል። ሁለቱ ሲደመሩ የግድ 12,000 ይመጣሉ፣ ምክንያቱም አንዱ የሌላው ቀሪ ነው። በፓይተን ቋንቋ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

```python
from decimal import Decimal, ROUND_HALF_UP

total = Decimal("12000.00")
net = (total / Decimal("1.15")).quantize(
    Decimal("0.01"), rounding=ROUND_HALF_UP)
vat = total - net    # 1565.22
```

የነጠላ ዋጋው ዓምድስ? ወረቀቱ ላይ 86.96 ከተጻፈ ካልኩሌተር ይዞ የሚያጣራ ሰው ያንኑ 48 ሳንቲም ያገኛታል። ስለዚህ ወይ 100 ብር ተብሎ «ቫትን ጨምሮ» የሚል ርእስ ይሰጠዋል፣ ወይ በአራት አሐዝ 86.9565 ተብሎ ይታተማል። 86.9565 በ120 ሲባዛ ልክ 10,434.78 ይሆናል።

ዋጋው ቫትን ሳይጨምር የተሰጠ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። አንድ ትዕዛዝ ሦስት መስመር ቢኖረውና የመስመሮቹ ዋጋ 55.65፣ 86.45 እና 116.25 ብር ቢሆን ድምሩ 258.35 ነው። ቫቱ ከድምሩ ላይ ቢሰላ 38.75 ይሆናል። በየመስመሩ ተሰልቶና ተጠጋግቶ ቢደመር ግን 8.35፣ 12.97 እና 17.44 ተደምረው 38.76 ይመጣሉ። አንድ ሳንቲም። ሁለቱም ስሌቶች የሚሟገትላቸው ሰው አያጡም፤ የማይሆነው በየመስመሩ አንዱን፣ ከታች ደግሞ ሌላውን ማተም ነው። የድርጅቱ ሒሳብ ሠራተኛና የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ የሚከተሉት ዘዴ ተጠይቆ፣ አንዱ ተመርጦ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ በአንድ ቦታ ብቻ መጻፍ አለበት።

ከላይ ባለው ኮድ ውስጥ Decimal የገባውም በከንቱ አይደለም። ኮምፒዩተር ተራ የነጥብ ቁጥርን የሚይዘው በሁለት አሐዝ ሥርዓት ስለሆነ 0.1ን እንኳ በትክክል አያውቀውም፤ በፓይተን 0.1 + 0.2 ብሎ የጠየቀ ሰው 0.30000000000000004 የሚል መልስ ያገኛል። ለአየር ንብረት ስሌት ይህ ምንም አይደለም፤ ለገንዘብ ግን አይሆንም። ከDecimal ሌላ ብዙዎች የሚመርጡት መንገድ ገንዘቡን ሁሉ በሳንቲም፣ ማለትም በሙሉ ቁጥር ማስቀመጥ ነው፤ 12,000 ብር 1200000 ሆኖ ይቀመጥና ነጥቡ የሚገባው ሲታተም ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ተከታታይ ቁጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ የድሮውን የደረሰኝ ጥራዝ የሚያስታውስ ሰው ከብዙ ፕሮግራመር ይሻላል። ጥራዙ ቁጥሩ ታትሞበት ይመጣል፤ ቅጠሎቹ በካርቦን ይጻፋሉ፤ የተበላሸ ቅጠል ተቀዶ አይጣልም፣ «ተሰርዟል» ተብሎበት ከነቅጂው እዚያው ይቀመጣል። ኦዲተር ሲመጣ ጥራዙን ገልጦ ከ0451 ቀጥሎ 0453 ካገኘ መጀመሪያ የሚጠይቀው 0452 የት ሄደ ብሎ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የቫት መመሪያም ቢሆን በኢንቮይስ ላይ መኖር አለባቸው ከሚላቸው ነገሮች አንዱ ኢንቮይሱን ለብቻው የሚለይ ተከታታይ ቁጥር ነው።

ጀማሪ ፕሮግራመር ይህን በቀላሉ የሚወጣ ይመስለዋል። ካሉት ቁጥሮች ትልቁን ይፈልጋል፣ አንድ ይጨምራል። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ለዓመታት ሊሠራለት ይችላል። ሁለት ገንዘብ ተቀባዮች በአንድ ቅጽበት «አትም» የሚለውን ሲጫኑ ግን ሁለቱም 0451ን ትልቁ ቁጥር ሆኖ ያገኙታል፣ ሁለቱም 0452 የሚል ኢንቮይስ ያወጣሉ። ዳታቤዙ የራሱ ቁጥር ሰጪ አለው ብሎ በእሱ መታመንም ቀዳዳ አያጣም። ለምሳሌ በፖስትግሬስ የሚሰጠው ተከታታይ ቁጥር አንዴ ከወጣ አይመለስም፤ ምዝገባው በመሐል ቢቋረጥ ቁጥሩ ባክኖ ይቀራል። ዳታቤዙ አልተሳሳተም፤ ቃል የገባው ቁጥር እንዳይደገም እንጂ እንዳይዘለል አይደለም።

ሳይዘለልም ሳይደገምም እንዲሄድ የቁጥሩ መጨመርና የኢንቮይሱ መመዝገብ አብረው መሆን አለባቸው፤ ወይ ሁለቱም ይጸናሉ፣ ወይ ሁለቱም ይቀራሉ።

```sql
BEGIN;
UPDATE counters SET last_no = last_no + 1
 WHERE series = 'A-2017' RETURNING last_no;
INSERT INTO invoices (series, no, total) VALUES (...);
COMMIT;
```

የመጀመሪያው ገንዘብ ተቀባይ ሥራ እስኪጸና ድረስ ዳታቤዙ ያቺን መስመር ይቆልፋታል፤ ሁለተኛው ጥቂት ይጠብቅና 0453ን ይወስዳል። በዚህ ላይ ተከታታዩና ቁጥሩ አንድ ላይ እንዳይደገሙ የሚከለክል ደንብ በሰንጠረዡ ላይ ቢጨመር መልካም ነው። በምሳሌው ያለው 2017 የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ነው። ቁጥሩን በየበጀት ዓመቱ፣ ማለትም ሐምሌ 1 ቀን፣ ከአንድ እንደገና መጀመር የሚፈልግ ድርጅት ዓመቱን በቁጥሩ ውስጥ ካላስገባ ሁለት 0001 ይኖሩታል።

ቁጥሩ የሚሰጠውም ኢንቮይሱ በሚወጣበት ሰዓት ነው። ገና በረቂቅ ላይ ላለ ነገር ወይም ለፕሮፎርማ ከዚህ ተከታታይ ቁጥር ከተሰጠ ደንበኛው ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ቀዳዳ ይፈጠራል። ከወጣ በኋላ ደግሞ አይሰረዝም፣ አይታረምም። ስሕተት ከተገኘበት የራሱ ቁጥር ያለው የተመላሽ ሰነድ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ቁጥር በላዩ ይጠቀሳል፤ አስፈላጊ ከሆነም አዲስ ኢንቮይስ ይከተላል።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። ዓምና የወጣው ኢንቮይስ ዛሬ እንደገና ይታተምልኝ ቢባል ፕሮግራሙ መረጃውን ከየት ያመጣል? ዋጋውን ከዕቃ ዝርዝሩ፣ የገዥውን ስምና ቲን ቁጥር ከደንበኞች መዝገብ፣ የቫቱን መጠን ከማስተካከያ ገጹ የሚያነብ ከሆነ የሚታተመው ዓምና የተሰጠው ወረቀት አይደለም። በሳዑዲ ዓረቢያ ቫት በ2018 እ.ኤ.አ. በ5 በመቶ ተጀምሮ ከሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ 15 በመቶ ሆኗል። ሪያድ ውስጥ ያለ ሱቅ የ2019ን ኢንቮይስ በአሁኑ ማስተካከያ ቢያሳትም ያልተሰበሰበ ታክስ ወረቀት ላይ ይወጣል። ስለዚህ ስሙ፣ አድራሻው፣ ነጠላ ዋጋው፣ የታክሱ መቶኛና ድምሮቹ ሁሉ ኢንቮይሱ በወጣበት ቅጽበት ከራሱ ጋር ተገልብጠው ይቀመጣሉ። ፒዲኤፉን የሚሠራው ክፍል ምንም አያሰላም፤ የተመዘገበውን ብቻ ያትማል።

የኅትመቱ ክፍል ከዚህ በኋላ ቀላል ነው፤ አማርኛ እስካልገባበት ድረስ። ማንኛውም የፒዲኤፍ ማንበቢያ ያውቃቸዋል ተብለው የሚታሰቡት 14 መደበኛ ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ፕሮግራመሩ ፎንት ሳይመርጥ የገዥውን ስም በአማርኛ ቢያሳትም በስሙ ቦታ ተርታ ሣጥኖች ይወጣሉ። እንደ Noto Sans Ethiopic ወይም Abyssinica SIL ያለ ነጻ ፎንት ተመርጦ ፒዲኤፉ ውስጥ መከተት አለበት። አልሚው በራሱ ኮምፒዩተር ላይ አይቶ ደህና ነው ማለቱ አይበቃም፤ ፎንቱ በእሱ ማሽን ላይ ተጭኖ ስላለ ሊያታልለው ይችላል። pdffonts የሚባለው ትእዛዝ emb በሚለው ዓምድ ሥር yes ካለ ተከትቷል ማለት ነው። ረዥም ትዕዛዝ ወደ ሁለተኛ ገጽ ሲሻገር የዓምዶቹ ርእስ መደገሙና ጠቅላላ ድምሩ ብቻውን በባዶ ገጽ ላይ አለመውደቁም በ40 መስመር ትዕዛዝ መሞከር ያለበት ነገር ነው። እኛ አገር የለመድነው «በፊደል» የሚለው መስመርም፣ አሥራ ሁለት ሺህ ብር፣ ከዚያው ከተመዘገበው ድምር በፕሮግራም ይወጣ እንጂ በእጅ አይሞላ።

አንድ ነገር ግን መታወቅ አለበት። በኢትዮጵያ ለቫት የተመዘገበ ነጋዴ ደረሰኝ የሚሰጠው በአብዛኛው በታክስ ባለሥልጣኑ ዘንድ ከተመዘገበ የሽያጭ መሣሪያ ነው። በራስ ፕሮግራም የተሠራው ፒዲኤፍ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ የእሱን ቦታ አይተካም፤ የዕቃውን ዝርዝር ይዞ አብሮት የሚሄድ አባሪ ነው። ስለዚህ በማሽኑ ደረሰኝና በአባሪው ላይ ያለው ድምር እስከ ሳንቲሙ አንድ መሆን አለበት፤ የማሽኑ ደረሰኝ ቁጥርም በአባሪው ላይ ቢታተም ሁለቱን ወረቀቶች ማገናኘት ይቀላል።

ማጣሪያው ረዥም አይደለም። በየማታው የመስመሮቹ ድምርና ቫቱ ከጠቅላላው ጋር የማይገጥሙበት ኢንቮይስ ካለ የሚፈልግ አንድ ጥያቄ ለዳታቤዙ ይቀርባል፤ በእያንዳንዱ ተከታታይ ትልቁ ቁጥር ከኢንቮይሶቹ ብዛት ጋር እኩል መሆኑን የሚያይ ሌላ ጥያቄ ይከተላል። ከዚያ ከወጡት ፒዲኤፎች ጥቂቱ በpdftotext ወደ ጽሑፍ ተመልሰው የታተመው ድምር ከተመዘገበው ጋር ይመሳከራል። ለሙከራ ከሚገቡት ትዕዛዞች መካከል ያ 120 ደብተር በ100 ብር ይኑር፤ 12,000.00 ካልመጣ ፕሮግራሙ ለደንበኛ አይወጣም።